ሲሚንቶ ተሸካሚው የጎደለው ፕሮቲን ነው? በሰፊው ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ጡንቻ ሲሠራ የሚያቃጥለው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶና ብሎኬት የሚሸከም ሰው ቢሮ ከሚውለው ሰው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ሽሮና ምስር ሆድ ይሞላሉ እንጂ ፕሮቲን አይባሉም። ወንበር ላይ የሚውል ሰው ግን ስለ ፕሮቲን የሚያሳስበው ነገር የለም፤ ምንም ቢበላ ይበቃዋል። የጉልበት ሠራተኛ ሥጋ መግዛት ካልቻለ ከሌላው ምግቡ ቀንሶም ቢሆን የፕሮቲን ፓውደር ይግዛ።»

ይህን ጽሑፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ሰው ላከልኝ። አንዱ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሕንፃ ሥራ ላይ ቀን ሠራተኛ ነው፤ ጓደኛዬም «ፓውደር ልግዛለት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምላሽ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ጥያቄ ነው።

ጸሐፊው ከቅን ልብ እንደጻፈ ይታየኛል። የቀን ሠራተኞች አመጋገብ ደካማ ነው ማለቱም ልክ ነው። የማልስማማው ጎደለ ባለው ነገር ላይ ነው። ጉድለቱን በተሳሳተ ቦታ ከፈለግነው ደግሞ መፍትሔው ራሱ ሰውየውን ይጎዳዋል። ለምን እንደምል በየተራ ላስረዳ።

ጡንቻ የሚያነደው ማገዶ

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1840ዎቹ እንዲህ ብሎ አስተምሮ ነበር። ጡንቻ የተሠራው ከፕሮቲን ስለሆነ፣ ሲሠራ ራሱን ይበላል ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ስሙ ትልቅ ስለነበር ብዙ ሰው አመነው።

በ1865 ሁለት የዙሪክ ምሁራን ይህን በራሳቸው ላይ ሊሞክሩ ተነሡ። አዶልፍ ፊክና ዮሐንስ ቪስሊሴኑስ ይባላሉ። ፋውልሆርን የሚባለውን የስዊዘርላንድ ተራራ ከሥሩ ካለው ሐይቅ ተነሥተው ወጡት። ሽቅብ የወጡት ከፍታ 1,956 ሜትር ነው። ከመውጣታቸው በፊት አንስቶ ፕሮቲን ያለው ምግብ አልቀመሱም። የበሉት ከስታርችና ከስብ የተጋገረ ቂጣ ብቻ ነበር። ሽንታቸውን ግን አጠራቅመው ናይትሮጅኑን ለኩ። ፕሮቲን በሰውነት ውስጥ ሲቃጠል ናይትሮጅኑ በሽንት ይወጣልና፣ ከዚያ ተነሥቶ ምን ያህል ፕሮቲን እንደነደደ ማስላት ይቻላል።

ውጤቱ ለሊቢግ አልበጀም። እያንዳንዳቸው ያቃጠሉት ፕሮቲን 37 ወይም 38 ግራም ገደማ ነበር። ይህ የሚሰጠው ኃይል 150 ካሎሪ አካባቢ ነው። የፊክን 66 ኪሎ ተራራው ላይ ማውጣት ብቻውን ግን 300 ካሎሪ ያህል ይጠይቃል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ማገዶ ወደ ሥራ የሚቀይረው ሩቡን ያህል ብቻ መሆኑን ስንጨምርበት ልዩነቱ ይብሳል። ተራራውን ያወጣቸው ስታርቹና ስቡ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ይህን አጠናከሩት። በደንብ የበላ ሰው ሲሠራ ከሚያቃጥለው ኃይል ከፕሮቲን የሚመጣው 5 በመቶ ገደማ ነው። በጡንቻና በጉበት የተጠራቀመው ስኳር ሲያልቅ ወደ 10 በመቶ ሊጠጋ ይችላል። ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ታዲያ ስንት ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና እርሻ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በጋራ ባወጡት የ2007 ሪፖርት፣ ለጤነኛ አዋቂ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.83 ግራም ፕሮቲን ይበቃል ይላሉ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም መሆኑ ነው። ይህ አማካይ ፍላጎት ሳይሆን ሁሉንም ሰው ማለት ይቻላል እንዲሸፍን ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ ቁጥር ነው። ሪፖርቱ ለከባድ ሥራ ለብቻው ሌላ ቁጥር አላወጣም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምለቅለት ነገር አለ። ብዙ የዘርፉ ሰዎች 0.83 ለከባድ ሠራተኛ ጠበብ ይላል ብለው ያስባሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ለስፖርተኞች የሚመከረው ለአንድ ኪሎ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ነው። ያ ላይኛው ጫፍ ግን ጡንቻ ለማሳደግ ብረት ለሚያነሣ ሰው የተባለ ነው። ሲሚንቶ ተሸካሚ በየወሩ ክብደት እየጨመረ አይሸከምም፤ ከረጢቱ ዛሬም ነገም 50 ኪሎ ነው። ሰውነት ይለምደዋል። በጣም የሚቸግረው ሥራ በተጀመረበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ ነው፤ ያኔ ሰውነት ከሚያስገባው በላይ ናይትሮጅን ያወጣል፣ ከዚያ ይስተካከላል። እንግዲህ ለጥንቃቄ 1.2 እንውሰድ። ለ60 ኪሎ ሰው 72 ግራም ይሆናል። ከ50 ወደ 72 አንድ እጥፍ ተኩል እንኳ አይሞላም። ሦስት እጥፍ ቢሆን 150 ግራም ነበር፤ ይህን ደግሞ ብረት የሚያነሣ ስፖርተኛም አይጠየቅም።

በጣም የሚለያዩት በካሎሪ ነው። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ቢሮ ቢውል በቀን 2,400 ካሎሪ አካባቢ ይበቃዋል። ያው ሰው ባሬላ ተሸክሞ ቢውል 3,500 ያስፈልገዋል። ልዩነቱ 1,100 ካሎሪ ነው።

አሁን አንድ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ይሰጣል። የቢሮው ሰው 50 ግራም ማለት 200 ካሎሪ ነው፤ ከ2,400ው 8 በመቶ አካባቢ። የሠራተኛው 72 ግራም 288 ካሎሪ ነው፤ እሱም ከ3,500ው 8 በመቶ አካባቢ። ሁለቱ ከአንድ ትሪ መብላት ይችላሉ። አንደኛው ብዙ ጉርሻ ይጎርሳል፣ ሌላው ትንሽ። ሠራተኛው የሚፈልገው ተጨማሪ ፕሮቲን ከተጨማሪው ምግብ ጋር አብሮ ይመጣለታል።

ችግሩ ተጨማሪው ምግብ ካልመጣ ነው።

እኔው ላይ የደረሰ

ተማሪ እያለሁ አንድ ክረምት ቀን ሥራ ሠርቻለሁ። አሸዋ መንፋት፣ ቡኬት ማቀበል፣ አርማታ በሚሞላበት ቀን ባሬላ። 60 ኪሎ ነበርኩ። እንደዚህ ጸሐፊ ነበር የማስበው፤ ጉልበት የሚገኘው ከሥጋ ነው ብዬ። ስለዚህ በሳምንቱ ቀናት ምግብ ቆጥቤ ቅዳሜ ክፍያ ስቀበል ጥብስ እበላ ነበር።

የአዘቦት ቀኔ ይህን ይመስል ነበር። ጠዋት 200 ግራም የሚሆን ዳቦ በሻይ፣ ስኳሩ ጠንከር ብሎ። ምሳ ሳይቱ አጠገብ ከሚያበስሉልን እትዬ አንድ እንጀራ በሽሮ። ማታ አንድ እንጀራ በምስር። ዛሬ ተቀምጬ ሳሰላው ይህ ሁሉ 68 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ዳቦው 18፣ ሁለቱ እንጀራ 24፣ ሽሮው 12፣ ምስሩ 14። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን እንደ ሥጋና እንቁላል ሙሉ በሙሉ ስለማይፈጭ አንድ አምስተኛውን ቀንሱ፤ 54 ግራም ይቀራል። በወረቀት ላይ ካየነው ከ50 በላይ ነው፤ የተቀመጠውን ልክ አልፌያለሁ።

ግን በአምስተኛው ሳምንት መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች አንዱ ጋ ስመዘን 56 ኪሎ ሆኜ ተገኘሁ። ሱሪዬን በገመድ ነበር የማስረው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር፤ አካፋው የራሴ አይመስለኝም።

የሆነው ይህ ነው። ያ ምግብ የሚሰጠኝ 2,150 ካሎሪ አካባቢ ነበር። የሚያስፈልገኝ 3,500። በየቀኑ 1,300 ካሎሪ ገደማ ይጎድለኛል። ያች «ያዙልኝ» ያልኳችሁ ዓረፍተ ነገር የምትሠራው እዚህ ነው። ስኳሩ ሲያልቅ ጉበት የፕሮቲን መሥሪያ የሆነውን አሚኖ አሲድ ይወስድና ናይትሮጅኑን አውጥቶ፣ የቀረውን ስኳር ያደርገዋል። የበላሁት ምስር ጡንቻ መጠገኛ መሆኑ ቀርቶ ማገዶ ሆነ። እሱም ሳይበቃ ከጡንቻዬ ላይ ይወሰድ ጀመር። እንጨት ያለቀበት ሰው የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ እንደሚያነደው ማለት ነው። እንጨቱን ካላመጣህለት በቀር ስንት ምሰሶ ብትጨምርለት ያነደዋል።

አብሮን የሚሠራ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የመጣ ትልቅ ሰው ነበር፤ ጋሼ እንለዋለን። ቀጭን ነው፤ ግን እሱ ሲደክም አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ፌስታል ውስጥ በሶና ቆሎ ይይዛል። አንድ ቅዳሜ ጥብስ ልበላ ስሄድ አየኝና «አንተ ተማሪ፣ ለአንድ ቀን ሥጋ ብለህ ስድስት ቀን ትራባለህ?» አለኝ። ተናደድኩበት። ሰኞ ግን ምሳ ላይ ሁለት እንጀራ አዘዝኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ለውጥ ይህ ብቻ ነው። ምሳ ሁለት እንጀራ፣ ማታ ሁለት እንጀራ፣ ከሰዓት ዕረፍት ላይ 100 ግራም ያህል የገብስና የሽምብራ ቆሎ። ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ የቅዳሜው ጥብስ ነበር። አሁን ስደምረው ካሎሪው ወደ 3,350 ከፍ ይላል፤ ያ አልበቃ ባለኝ ቀን ጋሼ ከበሶው ያቀምሰኝ ነበር። ፕሮቲኑ ደግሞ ሳላስበው 105 ግራም ገባ። አንድ አምስተኛውን ቀንሰን 84 ቢሆን እንኳ ለአንድ ኪሎ 1.4 ግራም ነው። ሥጋ በሳምንት አንድ ቀን እበላ የነበርኩት ልጅ ሥጋ ትቼ ፕሮቲኔ ጨመረ።

ሽሮና ምስር

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል። ግራም ለግራም ካነጻጸርን ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ይበልጣሉ። በደንብ ይፈጫሉ፤ አስፈላጊዎቹን አሚኖ አሲዶች ሁሉ በሚገባ መጠን ይዘዋል። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ከሽሮ አይገኝም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

«ፕሮቲን አይባሉም» የሚለው ግን ስህተት ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። 100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ ከ20 እስከ 22። ምስሩ ሲቀቀል ውኃ ጠጥቶ ስለሚበዛ በሳህን ሲታይ ሥጋው ይበልጣል፤ ከገበያ ስንገዛው ግን በኪሎ ሲታሰብ ተቀራራቢ ናቸው።

ስለ ጥራቱም ቢሆን፣ ማንም ሰው ምስር ብቻውን አይበላም። እህል የሚያጥረው ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ጥራጥሬ ላይሲን ሞልቶታል፤ እሱ የሚያጥረው ሜታዮኒን ነው፣ ያ ደግሞ እህል ውስጥ አለ። እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ይሞላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን የሚያስፈልገው ላይሲን 1.8 ግራም ነው። 60 ግራም ደረቅ ምስር ብቻውን የዚህን ግማሽ ያህል ይሰጣል። ሁለት መቶ ምናምን ቀን የሚጾም ገበሬ እርሻ የሚያርሰው በዚህ ነው። እርሻ ቀላል ሥራ ነው የሚል ካለ፣ አንድ ጠዋት ሞፈር ይያዝ።

ጸሐፊው ሊያነሣቸው ይገቡ የነበሩ፣ ግን ያላነሣቸው እውነተኛ ችግሮች አሉ። አንደኛው የሽሮው ቅጥነት ነው። ከላይ 12 ግራም ብዬ ያሰላሁት 60 ግራም ዱቄት ለገባበት ሽሮ ነው። ዋጋ ሲወደድ ሳይት አካባቢ የሚሸጠው ሽሮ ይቀጥናል። 30 ግራም ዱቄት ከሆነ ፕሮቲኑ 6 ግራም ነው፤ ካሎሪውም አብሮ ይወርዳል። እንጀራው ላይ ሲፈስ ወዲያው ሰምጦ ከጠፋ ቀጭን ነው። ወፍራም ሽሮ እንጀራው ላይ ይቆያል፤ ሲጠቀለል አብሮ ይነሣል።

ሁለተኛው ዳቦ በሻይ ነው። ቀኑን ሙሉ በዳቦ በሻይ የሚውል ሠራተኛ አለ። ዳቦ ፕሮቲን አለው፤ ላይሲኑ ግን ትንሽ ነው፤ የሻዩ ስኳር ደግሞ ፕሮቲን የለውም። ከቀኑ አንዱ ዳቦ በፉል ወይም በምስር ሳምቡሳ ቢሆን ጉድለቱ ብዙ ይጠባል።

ሦስተኛው በጣም የማስበው ነው። «ብዙ ከበላ ፕሮቲኑ አብሮ ይመጣል» ያልኩት ለእንጀራ፣ ለዳቦ፣ ለበቆሎና ለገብስ ይሠራል። ለቆጮ ግን አይሠራም። 100 ግራም ቆጮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ባብዛኛው ከ2 ግራም በታች ነው። ሰውየው ሁለት ኪሎ ቆጮ ቢበላ እንኳ ከእሱ የሚያገኘው 40 ግራም አይሞላም። ካሎሪው ሞልቶ ፕሮቲኑ የሚጎድልበት እውነተኛ አጋጣሚ ይህ ነው። እንሰት ያለበት አገር ይህን ሳይንሱ ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ቆጮ ከአይብ፣ ከጎመን፣ ከባቄላና ከክትፎ ጋር የሚቀርበው ያለ ነገር አይደለም። ከቤቱ ርቆ ከተማ ላይ በቆጮና በቅመም ብቻ ጉልበት ሥራ የሚሠራ ልጅ ካለ፣ የጸሐፊው ስጋት ለእሱ ልክ ነው። ለእሱም ቢሆን መፍትሔው በየምግቡ ባቄላ ወይም አይብ መጨመር ነው።

ወንበር ላይ የሚውለው

ይህኛውን ነጥብ ሳነብ ፈገግ አልኩ። እንደኔ ሐሳብ ከሁለቱ ስለ ፕሮቲን ማሰብ ያለበት የቢሮው ሰው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሚበላው ትንሽ ነው። ሠራተኛው በ3,500 ካሎሪ ውስጥ 72 ግራም ለማግኘት ብዙ ዕድል አለው። የቢሮው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሆዴ ወጣ» ብሎ ምግብ ይቀንሳል። ጠዋት ማኪያቶ፣ ምሳ ፓስታ በስጎ፣ ከሰዓት ኬክ ወይም ብስኩት፣ ማታ ትንሽ ሰላጣ። 1,500 ካሎሪ ላይ ሲደርስ ያች 50 ግራም የምግቡ 13 በመቶ መሆን አለባት። እዚያ ኬክና ዘይት ቦታ ከያዙ ደግሞ አትገኝም። ክብደት የሚቀንስ ሰው ጡንቻው አብሮ እንዳይሄድ ከ50 ከፍ ማድረጉ ይመከራል፤ እንደ ሠራተኛው 72 ግራም ቢያደርገው ድርሻው ወደ 19 በመቶ ይጠጋል። ሠራተኛው 8 በመቶ በቃው፣ የቢሮው ሰው 19 ፈለገ።

ዕድሜም አለ። ባለ ቢሮው ስልሳውን ካለፈና ቀኑን ከተቀመጠ፣ ጡንቻው ከሁለቱም አቅጣጫ ይቀንሳል፤ አይሠራበትም፣ ፕሮቲን የመጠቀም አቅሙም ይደክማል። ለአረጋውያን አሁን ባለሙያዎች የሚመክሩት ለአንድ ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። ስለዚህ ጡረታ የተቃረበ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን የሒሳብ ሠራተኛና የ25 ዓመት አሸዋ ነፊ የፕሮቲን ልካቸው አንድ ሊሆን ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ኩላሊቱን የሚታመም ሰው ይህን ቁጥር ከሐኪሙ ሳይነጋገር መከተል የለበትም፤ ለእሱ ብዙ ፕሮቲን ጉዳት አለው።

ፓውደሩ

አንድ ማንኪያ ፓውደር፣ እሽጉ ላይ እንዳለው ዓይነት መስፈሪያ ማለቴ ነው፣ ባብዛኛው 24 ግራም ያህል ፕሮቲንና 120 ካሎሪ ይሰጣል። መጥፎ ነገር አይደለም። ከወተት የተሠራ ከሆነ ጥራቱ ጥሩ ነው። በፕሮቲኑ 100 ግራም ምስር ወይም አራት እንቁላል መሆኑ ነው። ግን ያው 100 ግራም ምስር 350 ካሎሪ ያህል ይዟል። ምስር ማገዶም ምሰሶም ነው። ፓውደር ማገዶው ተነቅሎለት የቀረው ምሰሶ ነው።

ለማን ይጠቅማል ታዲያ? ለዚያ 1,500 ካሎሪ ለሚበላው የቢሮ ሰው። ካሎሪ ሳይጨምር ፕሮቲን ለሚፈልግ። ጸሐፊው መድኃኒቱን ለተሳሳተው በሽተኛ ነው ያዘዘው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ከሌላው ምግቡ ቀንሶም ቢሆን» የሚለው ነው። አንድ ሠራተኛ እንጀራውንና ቆሎውን ቀንሶ ፓውደር ከገዛ፣ የ1,300 ካሎሪውን ጉድጓድ ያሰፋዋል። የገዛው ውድ ፕሮቲንም ስኳር ሆኖ ይነድዳል። ቅዳሜ ጥብስ ለመብላት ሳምንቱን የምራበው እኔ ያደረግሁትን በውድ ዋጋ መድገም ነው።

ለጓደኛዬ የመለስኩለት ይህን ነው። ፓውደሩን ተውና በዚያው ገንዘብ ወንድምህ የሚበላበት ቤት ምሳው ላይ አንድ እንጀራ እንዲጨመር ክፈል። ሽሮው ወፍራም እንዲሆን ንገራቸው። ኪሱ ውስጥ ቆሎ ይያዝ፤ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይብላው። ከተረፈህ በሳምንት ጥቂት ቀን እንቁላል ጨምርለት። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ ሳይበላ፣ በአንድ ሚዛን ይመዘን። ክብደቱ ከቆመ ወይም ከጨመረ ፕሮቲኑም ደርሶለታል ማለት ይቻላል፣ ምግቡ ቆጮ ብቻ እስካልሆነ ድረስ። ክብደቱ ከወረደ ምንም ፓውደር ቢጠጣ አልበቃውም። ቁስል ለመዳን ከዘገየበት ወይም እግሩ ካበጠ ግን የእኔን ሒሳብ ትተህ ሐኪም ዘንድ ውሰደው።

«ሽንቱ ጠቁሯል፣ ጡንቻው እየተቃጠለ ይሆን?» ብሎም ጠየቀኝ። ብዙ ጊዜ ውኃ ጥም ነው። ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው መጀመሪያ ውኃ አስጠጣው። ጠጥቶም እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ወይም ሰውነቱን በኃይል ካመመው ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

የእኔ ነገር እንዴት እንዳለቀም ጻፍልኝ ብሏል። ሁለት እንጀራ ማዘዝ ከጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እዚያው ልጅ ጋ ተመዘንኩ። 57 ነበርኩ። ሱሪዬን የማስርበት ገመድ ቋጠሮው ከነበረበት አንድ ጣት ላላ ብሏል።